ግራሙስ ስንት ነው?

ሚኒያፖሊስ የገባሁ ዓመት፣ በረዶው ሳይጀምር ጃኬት ልገዛ ወጣሁ። ዓይኔ ያረፈበት ጃኬት እጅጌው ላይ በነጭ ክር 850 የሚል ቁጥር ተጠልፎበታል። አጠገቡ የተሰቀለው ጥቁር ጃኬት 650 ይላል፤ ዋጋውም የዚያኛውን ግማሽ ያህል ነው። ሻጩ ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ይሞቃል አለኝ፤ አመንኩት። ጥር ላይ፣ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ በሆነ ማለዳ አውቶቡስ ስጠብቅ፣ ብርዱ በትከሻዬ ገብቶ በጀርባዬ ወረደ። ጋሼ የምለው ጎረቤቴ ያን ጥቁሩን 650 ለብሶ፣ እጁን ኪሱ ከትቶ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ ቆሟል። "አንተ ልጅ፣ ቁጥሩን አይተህ ገዛህ እንጂ ላባውን አልመዘንክም" አለኝ።

ነገሩ የገባኝ ቆይቶ ነው። ጃኬቱ ውስጥ ያለው ዳውን የሚባለው ነገር ነው፤ ከዝይ ወይም ከዳክዬ ደረት፣ ከላይኛው ላባ ሥር የሚገኝ፣ መሃሉ ዘንግ የሌለው እንደ ጥጥ የለሰለሰ ላባ። እሱ ራሱ ሙቀት የለውም። የሚያሞቀን በቃጫዎቹ መካከል ታስሮ የማይንቀሳቀሰው አየር ነው። ጋቢ የሚሞቀውም በድርቦቹ መካከል አየር ስለሚይዝ ነው።

ጥጥ ሲነደፍ ያየ ሰው ቀሪውን ለመረዳት አይቸገርም። አንድ እፍኝ ጥጥ በደጋን ሲነደፍ ያብጣል፤ ባዘቶው ክብደቱ ሳይጨምር ቦታው ይሰፋል። ጥሩ ጥጥ የበለጠ ያብጣል፣ መናኛው ደግሞ ይተኛል። 850 የሚለው ቁጥር፣ ፊል ፓወር የሚሉት፣ የሚናገረው ይህንን የማበጥ ችሎታ ብቻ ነው። በቤተ ሙከራ 30 ግራም ዳውን በእንፋሎት ተፍታትቶና ደርቆ ወደ ሰፊ ሲሊንደር ይገባል፤ ቀላል ክዳን ይጫንበታል፤ ከዚያ ምን ያህል ከፍታ ላይ እንደቆመ ይነበባል። ውጤቱ የሚጻፈው በአሜሪካ መለኪያ፣ አንድ አውንስ ስንት ኪዩቢክ ኢንች እንደሚይዝ ተሰልቶ ነው። ወደምናውቀው ዕቃ ስንመልሰው፣ የ850 ዳውን 28 ግራም ያህሉ 14 ሊትር ገደማ ቦታ ይይዛል። ባለ 20 ሊትሩን ቢጫ ጀሪካን ሁለት ሦስተኛውን ይሞላል ማለት ነው። የ650ው ግን ከጀሪካኑ ግማሽ ትንሽ ቢያልፍ ነው።

እስካሁን የተነገረን የጥጡ ጥራት ነው። ስንት እፍኝ እንደገባ ግን ማንም አልነገረንም። ያ ፊል ዌይት ነው፤ ጃኬቱ ውስጥ የገባው ዳውን ክብደት፣ በግራም። እጅጌ ላይ አይጠለፍም፤ ብዙ ጊዜ ከዕቃው ዝርዝር መግለጫ ውስጥ ፈልጎ ማግኘት ያስፈልጋል፤ አንዳንዱ ኩባንያ ደግሞ ጭራሽ አይጽፈውም።

የኔና የጋሼን ጃኬቶች ዝርዝር አገኘሁ። ሁለቱም መካከለኛ ቁጥር ናቸው። የኔው 85 ግራም፣ የእሱ 150 ግራም ዳውን አለባቸው። ሂሳቡ ማባዛት ብቻ ነው። 850 ሲባዛ በ85፣ 72,250 ይመጣል። 650 ሲባዛ በ150፣ 97,500። ወደ ሊትር ሲለወጥ፣ እኔ የተሸከምኩት 42 ሊትር ያህል የታሰረ አየር፣ ሁለት ጀሪካን መሆኑ ነው፤ ጋሼ 56 ሊትር፣ ሦስት ጀሪካን ሊሞላ ትንሽ የቀረው። በግማሽ ዋጋ አንድ ሦስተኛ የሚበልጥ አየር ለብሶ ነበር የቆመው። እኔ በከፈልኩት ያገኘሁት ቀላልነትን ነው፤ ጃኬቴ ተጠቅልሎ ቦርሳ ውስጥ ይገባል። ተራራ ለሚወጣ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። አውቶቡስ ለሚጠብቅ ሰው ግን ምን ያደርግለታል?

ይህ ብዜት ግን ሚዛን የሚሆነው ተመሳሳይ ልብሶች ሲነጻጸሩ ነው። 150 ግራም እስከ ወገብ በሚደርስ ጃኬት ውስጥ ወፍራም ነው፤ ያው 150 ግራም እስከ ጉልበት ሲዘረጋ ይሳሳል። ኮፍያ ካለው ከግራሙ ላይ ኮፍያው ድርሻውን ይወስዳል፣ ደረት ላይ የሚቀረው ያንሳል። ሻጩ የጻፈው ግራም ለመካከለኛ ቁጥር ሆኖ እናንተ የምታነጻጽሩት የሌላውን ኩባንያ ትልቁን ቁጥር ከሆነ ደግሞ ሂሳቡ ገና ከመነሻው ተዛብቷል።

አሜሪካና አውሮፓም ቁጥሩን እኩል አይሰጡም። ዳውኑ ከመለካቱ በፊት የሚዘጋጅበት መንገድ ስለሚለያይ፣ የአውሮፓው ዘዴ ብዙውን ጊዜ ለዚያው ላባ ዝቅ ያለ ቁጥር ይሰጣል። ስቶክሆልም ያለች እህት 700 ያለችው ጃኬት፣ ዴንቨር ያለው ወንድሟ ከያዘው 750 የማያንስ ሊሆን ይችላል። 50 ነጥብ ልዩነት አይታችሁ ገንዘብ ከመጨመራችሁ በፊት በየትኛው ዘዴ እንደተለካ እዩ።

ከሁሉ የሚደበቀው ስፌቱ ነው። ቀላል ጃኬቶች የውጪውና የውስጡ ጨርቅ በአንድ ክር ተያይዞ ይሰፋሉ። መስመሩ ላይ ላባ የለም፤ ብርዱ የሚገባው በዚያ ነው፤ ትከሻዬ ላይ የተሰማኝም ይኸው ይመስለኛል። ከባድ የበረዶ ጃኬቶች በሁለቱ ጨርቆች መካከል ቀጭን ግድግዳ ስላላቸው ላባው ሳይቋረጥ ይቀጥላል። በዚህ ረገድ የሚለያዩ ጃኬቶች ብዜታቸው እኩል ቢሆንም ሙቀታቸው እኩል አይሆንም። ጠባብ ክፍል ውስጥ ብዙ ዳውን ቢጠቀጠቅም የሚያብጥበት ቦታ ያጣል፤ ያን ጊዜ የ850 እና የ650 ልዩነት ይጠባል፣ ለማያብጥ ላባ መክፈል ነው የሚሆነው።

እንግዲህ ግራሙ ካልተጻፈስ? የእንግሊዙ ራብና ማውንቴን ኢኩዊፕመንት፣ የሲያትሉ ፌዘርድ ፍሬንድስ የመሳሰሉ ለተራራ የሚሠሩ ኩባንያዎች ይጽፋሉ። ሌላው ዘንድ ማስመሪያ ይዛችሁ ሂዱ። ጃኬቱ ተጠቅልሎ ከቆየ አራግፉትና ትንሽ ተዉት፣ ጠረጴዛ ላይ ሳትጫኑት ዘርጉት፣ ከዚያ የደረቱን አንድ ክፍል መሃል ላይ ከፍታውን ለኩ። የሌላውንም እዚያው ቦታ ላይ ለኩ። ከዚያ ወደ መብራት ያዙት፤ በክፍሎቹ ላይኛው ጠርዝ ብርሃን ካለፈ ላባው ስላነሰ ወደ ታች ወርዷል። አንድ ሻጭ እንዲህ ሳደርግ አይቶ ስቆብኛል፤ ግራሙን ስጠይቀው ግን መልስ አልነበረውም።

ያ የ850 ጃኬት ዛሬም አለኝ። ጥቅምትና መጋቢት ላይ እለብሰዋለሁ። ለጥር ሌላ ገዝቻለሁ፤ 650 ነው፣ 190 ግራም፣ በግድግዳ የተሰፋ።