ዳገት ሲያወጣው፣ ረጅም መንገድ ሲያወርደው፦ እንቅስቃሴና የደም ስኳር

ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው ዳገት በሩጫ ወጥቶ ስኳሩን ሲለካ፣ ከመነሳቱ በፊት 140 የነበረው 210 ሆኖ ሊያገኘው ይችላል። መሣሪያው አልተሳሳተም። ብርቱ ጥረት አድሬናሊንን ያነቃል፤ አድሬናሊንም ጉበት ያጠራቀመውን ስኳር ወደ ደም እንዲለቅ ያደርገዋል። የሚለቀቀው ስኳር ለጊዜው ጡንቻ ከሚያቃጥለው ይበልጣል። ጤነኛ ቆሽት ጥረቱ እንዳበቃ ኢንሱሊን ጨምሮ ትርፉን ያወርደዋል፤ በመርፌ የገባ ኢንሱሊን ግን እንዲህ ራሱን አይጨምርም። በዚህ ምክንያት ስኳሩ ለአንድ ሁለት ሰዓት ከፍ ብሎ ይቆያል፣ ከዚያም ብዙውን ጊዜ በራሱ ይወርዳል። ያን ጊዜ ተደናግጦ ተጨማሪ ኢንሱሊን መውጋት አደገኛ ነው። ጡንቻ የጨረሰውን ስንቅ ሲተካ ከደም ስኳር ስለሚስብ፣ ሌሊት በእንቅልፍ ላይ መጠኑ በጣም ሊያሽቆለቁል ይችላል።

በረጅም የእግር ጉዞ ነገሩ ይገለበጣል። ጡንቻ ሰዓታት ሙሉ ስኳር ይወስዳል፤ አስቀድሞ የተወጋው ኢንሱሊን ደግሞ ጉበት የጎደለውን እንዳይተካ ይይዘዋል። ግሊቤንክላሚድ የሚወስዱም ተመሳሳይ ስጋት አለባቸው። ሜትፎርሚንን ብቻ የሚወስዱ ሰዎች ግን በጉዞ ምክንያት ስኳራቸው ከልክ በታች የሚወርደው ከስንት አንዴ ነው።

ለምሳሌ አንድ ኢንሱሊን ተጠቃሚ ጠዋት ለሦስት ሰዓት ጉዞ ሊነሳ ነው እንበል። ቁርሱን በልቶ ሲለካ 105 ሆነ። ለኢንሱሊን ተጠቃሚ ከ126 እስከ 180 ባለው መጠን መነሳት ይመከራል፤ ስለዚህ አንድ ሙዝ ይበላል፣ ጥቂት ቆይቶ ይለካና 130 ሲሆን ይነሳል። ከአንድ ሰዓት በኋላ 98 ሆኖ ቢያገኘው፣ ቁጥሩ ገና ደህና ቢመስልም አቅጣጫው ወደ ታች ነው። ቆም ብሎ ሌላ ሙዝ ይበላል፤ ከግማሽ ሰዓት በኋላም እንደገና ይለካል። የቁርሱን ኢንሱሊን አስቀድሞ መቀነስም ይቻላል፤ መጠኑን ግን ከሐኪም ጋር መወሰን ያስፈልጋል። መርፌው በጭን ላይ ከተወጋ እግር ሲሠራ መድኃኒቱ ቶሎ ስለሚሰራጭ፣ በጉዞ ቀን ሆድ ላይ መውጋት ይሻላል።

ላብ፣ የልብ ምት መፍጠንና ድካም የስኳር ማነስ ምልክቶች ናቸው፤ መንገደኛ ግን የጉዞው ድካም ይመስሉታል። ስለዚህ ስሜትን ሳይሆን መለኪያን ማመን ይገባል። መጠኑ ከ70 በታች ከሆነ ጉዞው ይቆማል፤ 15 ግራም ያህል ስኳር ማለትም አራት የሻይ ማንኪያ በውሃ በጥብጦ፣ ወይም ባለ 300 ሚሊ ሊትር ለስላሳ መጠጥ ግማሹን መጠጣት ያስፈልጋል። ስኳር አልባ ለስላሳ አይረዳም። ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና ተለክቶ ካልጨመረ ይደገማል። ራሱን ለሳተ ሰው ግን ምንም ነገር በአፍ አይሰጥም፤ በአስቸኳይ ወደ ሕክምና ይወሰዳል።

የጉዞው ውጤት እስከ 24 ሰዓት ስለሚዘልቅ፣ በዚያ ዕለት ከመኝታ በፊት መለካትና ዝቅ ብሎ ከተገኘ ጥቂት መመገብ ያስፈልጋል።