ከተማ ሲቀየር ደመወዝ ለምን ይቀየራል?

ስታምፎርድ በአሜሪካ ኮነቲከት ግዛት የምትገኝ፣ ከኒውዮርክ በባቡር አንድ ሰዓት ያህል የምትርቅ ከተማ ናት። እዚያ እያደሩ ኒውዮርክ የሚውሉ ሠራተኞች ብዙ ናቸው። እ.ኤ.አ. በኦገስት 2021 ሮይተርስ የዜና ወኪል፣ ጉግል ለሠራተኞቹ ያዘጋጀውን የደመወዝ ማስያ ተመልክቶ ብዙዎችን ያነጋገረ ዘገባ አወጣ። ስታምፎርድ የሚኖር ሠራተኛ በባቡር ወደ ኒውዮርክ ቢሮ የሚመላለስ ከሆነ ደመወዙ አይነካም። «ከእንግዲህ ሙሉ በሙሉ ከቤቴ ልሥራ» ካለ ግን 15 በመቶ ይቀነስበታል።

እነዚህ ሁለት ሰዎች ግድግዳ የሚጋሩ ጎረቤታሞች ሊሆኑ ይችላሉ። የሚከፍሉት ኪራይ፣ ልጆቻቸውን የሚያውሉበት ቦታ፣ አስቤዛ የሚገዙበት ሱቅ አንድ ነው። ቅናሹ ከኑሮ ወጪ የመጣ ቢሆን ኖሮ ወይ ሁለቱንም ይነካ ነበር፣ ወይ ሁለቱንም አይነካም ነበር። «ርካሽ ቦታ ስለሚኖር ትንሽ ይበቃዋል» የሚለው የተለመደ ማብራሪያ ስታምፎርድ ላይ አይሠራም።

ክርክሩ የገነነው ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ነበር። በሜይ 2020 ማርክ ዙከርበርግ ከፌስቡክ ሠራተኞች ብዙዎቹ በቋሚነት ከርቀት መሥራት እንደሚችሉ አስታወቀ፤ አያይዞም ወደ ሌላ አካባቢ የሚሄዱ ሰዎች ደመወዝ በሚኖሩበት ቦታ እንደሚስተካከል፣ አድራሻቸውን በሐሰት የሚያስመዘግቡም ከባድ እርምጃ እንደሚጠብቃቸው ተናገረ። ስትራይፕ የተባለው የክፍያ ኩባንያ ደግሞ ከሳን ፍራንሲስኮ፣ ከኒውዮርክ ወይም ከሲያትል ለሚለቅ ሠራተኛ 20,000 ዶላር በአንድ ጊዜ ሰጥቶ፣ በምትኩ መደበኛ ደመወዙን እስከ 10 በመቶ የሚቀንስ አማራጭ አቀረበ።

ታዲያ መነሻው የኑሮ ወጪ ካልሆነ ምንድን ነው? የደመወዝ ባለሙያዎች የሚመለከቱት ሌሎች ቀጣሪዎች በዚያ ከተማ ለተመሳሳይ ሥራ የሚከፍሉትን ነው። ጥያቄያቸው «ይህ ሰው ለመኖር ስንት ያስፈልገዋል?» ሳይሆን «ይህን ሰው ሌላ ቀጣሪ እንዳይወስድብን ስንት እንክፈል?» ነው። ብዙ ጊዜ ኑሮ ውድ የሆነበት ከተማ ደመወዙም ከፍ ያለ ስለሆነ ሁለቱ ጥያቄዎች አንድ ይመስላሉ። በሚለያዩበት ቦታ ግን ሠራተኛው ባልጠበቀው መንገድ ይጎዳል።

ይህን በግልጽ ቁጥር ለማየት የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት የደመወዝ ሰንጠረዥ ይመቻል፤ በየዓመቱ ለሕዝብ ይፋ ይሆናልና። መንግሥት ለሁሉም አካባቢ አንድ የሆነ መነሻ ደመወዝ ያወጣና በላዩ ላይ የአካባቢ ጭማሪ ያክላል። በ1990 የወጣው ሕግ ይህን ጭማሪ ያሰረው ከዕቃና ከቤት ዋጋ ጋር ሳይሆን፣ በአካባቢው ያሉ ሌሎች ቀጣሪዎች ከሚከፍሉት ደመወዝ ጋር ነው። በቋሚነት ከቤቱ የሚሠራ ሰው የሥራ ቦታው ቤቱ ተደርጎ ይወሰድና ጭማሪውም በዚያ ይሰላል።

ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባት በሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ያለች፣ ደረጃዋ 12 የሆነ አንዲት የመንግሥት ሠራተኛ እናስብ። በ2024 ሰንጠረዥ የደረጃው የመጀመሪያ እርከን መነሻ 74,441 ዶላር ነበር። ለዋሽንግተን አካባቢ የተቀመጠው ጭማሪ 33.26 በመቶ ስለነበር በዓመት 99,200 ዶላር ታገኛለች። ከቤቷ እንድትሠራ ተፈቅዶላት ወደ ናሽቪል፣ ቴነሲ ብትዛወር ያው ሥራ፣ ያው አለቃ፣ ያው ኮምፒውተር ይዛ ጭማሪዋ ወደ 16.82 በመቶ ይወርዳል። ደመወዟ 86,962 ዶላር ይሆናል፤ የ12,238 ዶላር ልዩነት ማለት ነው።

ነገር ግን ያ ሁሉ ከኪሷ ይወጣል ማለት አይደለም። በሲልቨር ስፕሪንግ ለሜሪላንድ ግዛትና ለሞንትጎመሪ ካውንቲ በዓመት ከ7,000 ዶላር በላይ የገቢ ግብር ትከፍል ነበር፤ ቴነሲ ከደመወዝ የገቢ ግብር አትሰበስብም። ከፌዴራል መንግሥት ግብርም በደመወዟ ማነስ ልክ ጥቂት ይቀንስላታል። ስለዚህ በእጇ የሚደርሰው ገንዘብ ልዩነት በወረቀት ላይ ከሚታየው በጣም ያንሳል፤ ኪራይዋ በደንብ ከቀነሰ ልታተርፍም ትችላለች። በሌላ በኩል በየወሩ የማይታይ ጉዳት አለ። መንግሥት ለጡረታ ቁጠባዋ እስከ ደመወዟ 5 በመቶ ድረስ ስለሚያዋጣ፣ ደመወዙ ሲወርድ ያ መዋጮ በዓመት ወደ 600 ዶላር ይቀንሳል። የጡረታ አበሏም የሚሰላው የአካባቢ ጭማሪውን ጨምሮ በተከታታይ ሦስት ዓመት ካገኘችው ከፍተኛ ደመወዝ አማካይ ነው። በሥራ ዘመኗ መጨረሻ ብትዛወርና ከዚያ በፊት ሦስት የተሻሉ ዓመታት በዋሽንግተን ካሳለፈች አበሏ ብዙ አይነካም። በወጣትነቷ ሄዳ እዚያው ከቀረች ግን ቅናሹ እስከ እርጅናዋ ይከተላታል።

ናሽቪልን የመረጥኩት በምክንያት ነው። ባለፉት ዓመታት ብዙ ሕዝብ ወደዚያ ስለፈለሰ የቤት ዋጋና ኪራይ በጣም አሻቅቧል፤ ሆኖም ሰንጠረዡ ከተማዋን የሚያስቀምጣት የራሱ ጭማሪ ባልወጣለት በ«ቀሪው አሜሪካ» ውስጥ ነው፤ ከትንንሽ የገጠር ከተሞች ጋር ማለት ነው። በተቃራኒው የዋሽንግተን አካባቢ የሚባለው ክልል ሰፊ ነው። ይህችው ሠራተኛ ኪራይ ወደሚረክስባት ወደ ሄገርስታውን፣ ሜሪላንድ ብትሄድ አንድ ዶላር አይቀነስባትም። መስመሩ የሚሰመረው ሰው በሚኖረው ኑሮ ቢሆን ይህ ሁሉ አይፈጠርም ነበር። (ከ2025 መጀመሪያ ጀምሮ መንግሥት ሠራተኞቹን ወደ ቢሮ ስለጠራ ይህን ዕድል የሚያገኙት አሁን ጥቂቶች ናቸው፤ የስሌቱ ሥርዓት ግን አልተለወጠም።)

የኩባንያዎቹ ክርክር ግን ተንቆ የሚታለፍ አይደለም። ሠራተኞቹ በብዙ አገሮች የተበተኑት ጊትላብ የተባለው የሶፍትዌር ኩባንያ ቀመሩን ለማንም ክፍት አድርጎ አስረድቷል። የሳን ፍራንሲስኮን ደመወዝ መነሻ አድርጎ ለየአካባቢው በወጣ ማባዣ ያባዛዋል። ለሁሉም የሳን ፍራንሲስኮን ደመወዝ ብንከፍል የምንቀጥረው ሰው ቁጥር ይቀንሳል ይላል። ደመወዝ ዝቅተኛ በሆነበት አገር ያለ ሰው ደግሞ በአካባቢው የትም የማያገኘውን ገንዘብ ስለሚያገኝ ሥራውን ቢጠላው እንኳ መልቀቅ ያቅተዋል የሚል ሥጋትም አለው። የጎረቤት ጥያቄም አለ። ከሲልቨር ስፕሪንግ የሄደችው ሠራተኛ የድሮ ደመወዟን ይዛ ብትቆይ፣ እዚያው ናሽቪል ተቀጥራ አጠገቧ ያንኑ ሥራ የምትሠራው ሴት በ12,000 ዶላር ታንሳለች። ይህም ፍትሕ አይደለም።

ክርክሩ የሚሰነጠቀው ራሱ በቆመበት መሠረት ላይ ነው። የደመወዝ ልክ ተወዳዳሪ ቀጣሪዎች የሚከፍሉት ከሆነ፣ ከርቀት ለሚሠራ ሰው ተወዳዳሪዎቹ እነማን ናቸው? ናሽቪል የተቀመጠን ፕሮግራመር የሲያትልም የኒውዮርክም ኩባንያ ከቤቱ ሳይነሳ ሊቀጥረው ከቻለ፣ የእሱ ገበያ ናሽቪል መሆኑ አብቅቷል። ሬዲት ይህን ቶሎ ያየ ይመስለኛል። በኦክቶበር 2020 በአሜሪካ ውስጥ በአካባቢ ይለያይ የነበረውን ደመወዝ ሰርዞ፣ ሁሉንም እንደ ሳን ፍራንሲስኮና ኒውዮርክ ባሉ ውድ ከተሞች ልክ እንደሚከፍል አስታወቀ። ኤርቢኤንቢም በኤፕሪል 2022 በአንድ አገር ውስጥ አንድ የደመወዝ ልክ ብቻ እንደሚኖረው አሳወቀ፤ ሠራተኛው በአገሩ ውስጥ ወዴትም ቢሄድ ደመወዙ አይለወጥም።

እኔም ከዚህ ጎን ነኝ። ሥራው በእውነት ከየትም የሚሠራ ከሆነ፣ በአንድ አገር ውስጥ ላለ አንድ ሥራ አንድ ደመወዝ ሊኖር ይገባል። ይህ የጎረቤቲቱንም ጥያቄ ይመልሳል። ዋጋ የለውም ግን አልልም። የሳን ፍራንሲስኮን ልክ ለሁሉም መክፈል የማይችል ኩባንያ መሐል ላይ ያለ ልክ ይመርጣል፤ ያኔ ቤተሰቧን ወይም የልጇን ሐኪም ትታ ከውዱ ከተማ መነቀል የማትችለው ሠራተኛ ትጎዳለች። ከርቀት የሚሠራበት ዕድል እየጠበበ ሲሄድ ደግሞ የናሽቪሉ ፕሮግራመር ገበያ ተመልሶ ናሽቪል ይሆናል፤ የኩባንያዎቹም ክርክር ጉልበት ያገኛል።

ወደ ውድ ከተማ ስለሚሄድ ሰው ብዙ አይወራም። ቅናሹ አድራሻ እንደተቀየረ የሚመጣ ሲሆን ጭማሪው ግን አብዛኛውን ጊዜ ፈቃድ ይጠይቃል፤ አለቃው ተጨማሪውን ወጪ ካልተቀበለ ወይ ዝውውሩ ይከለከላል፣ ወይ ሰውየው በድሮ ደመወዙ ይሄዳል። ገበያውን እንከተላለን የሚል ቀጣሪ ወደ ታች ብቻ ከተከተለው የሚከተለው ገበያውን አይደለም። ስለዚህ ቤት ከመልቀቅ በፊት ቀጣሪውን በጽሑፍ መጠየቅ ያስፈልጋል፦ የምሄድበት አካባቢ በየትኛው ምድብ ነው፣ ለውጡ ከመቼ ጀምሮ ይጸናል፣ ብመለስ የድሮው ደመወዜ ይመለሳል ወይ? ግብሩንም ማጣራት ግድ ነው። የኒውዮርክ ግዛት ለምሳሌ የኒውዮርክ ቢሮ ሠራተኛ ሆኖ ለራሱ ምቾት ሲል በሌላ ግዛት ከቤቱ የሚሠራን ሰው እዚያው ቢሮ እንደዋለ ቆጥሮ ግብር ሊያስከፍለው ይችላል።

ይኸው ጥያቄ አዲስ አበባ ተቀምጠው ለውጭ ኩባንያ የሚሠሩ ወጣቶችንም ይመለከታል። «የአዲስ አበባ ገበያ ይህን ይከፍላል» የሚል ቅጥር ሲቀርብላቸው፣ ያንኑ ሙያ በዶላር የሚከፍል ሌላ የውጭ ቀጣሪ ካለ የእነሱ ገበያ የቦሌ ቢሮዎች ብቻ እንዳልሆኑ ማስረዳት ይችላሉ። እነሱ ላይ ግን አንድ ተጨማሪ ነገር አለ፤ ከተማ ሳይቀይሩም ደመወዛቸው ሊቀየር ይችላል። በጁላይ 2024 መጨረሻ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ውሉ ላይ ደመወዙ በዶላር የተጻፈለት ሰው በብር የሚቀበለው ወደ እጥፍ ሲጠጋ፣ በብር የተዋዋለው ባልደረባው ቤቱም ሥራውም ሳይለወጥ ለቀጣሪው በግማሽ ዋጋ ገደማ የሚሠራ ሆነ፤ ውሉን እንደገና ለመደራደር ካልጠየቀ በቀር ያንን ልዩነት የሚመልስለት ምንም ሰንጠረዥ የለም።