ሆዷ ሞልቶ የምትከሳ ላም

በሚያዝያ ወር አብደራፊ አካባቢ ከብት ያየ ሰው ግራ ይጋባል። የላሞቹ ግራ ጎን ተወጥሯል፣ የጎድን አጥንታቸው ግን ይቆጠራል። ከአዝመራ የተረፈው የማሽላ አገዳ አላለቀም፤ ይበላሉ፣ ያመሰኳሉ፣ ይከሳሉ። ነገሩን «የመኖ እጥረት» ብሎ ማለፍ ቀላል ነው። እኔ ግን ተማሪ እንዲህ ዓይነቷን ላም ሲያይ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ጨጓራዋ ውስጥ ያሉት ረቂቅ ተሕዋሲያን ምን በሉ ብሎ ነው እላለሁ።

ላም ሴሉሎስን የሚሰብር ኢንዛይም በራሷ አታመነጭም። ሥራውን የሚሠሩላት በአንድ ሚሊ ሊትር የጨጓራ ፈሳሽ ውስጥ በቢሊዮን የሚቆጠሩ ባክቴሪያዎች ናቸው። ፋይብሮባክተርና ሩሚኖኮከስ የተባሉት ከአገዳው አሰር ጋር ተጣብቀው ይሰብሩታል። ጨጓራው ውስጥ ኦክስጅን የለም ማለት ስለሚቻል ስኳሩን እስከ መጨረሻው ሊያቃጥሉት አይችሉም፤ ለራሳቸው ጥቂት ኃይል ወስደው ቀሪውን አሲድ አድርገው ያስወጡታል። ተናኝ የቅባት አሲዶች የምንላቸው እነዚህ ናቸው። በጨጓራው ግድግዳ በኩል ወደ ደም ይገባሉ፤ ላሟ ከምታገኘው ኃይል 70 በመቶ ያህሉ ከእነሱ ነው። አገዳ ስትበላ ከአሲዱ 70 በመቶ ገደማው አሴቲክ፣ 20 በመቶ ገደማው ፕሮፒዮኒክ፣ የቀረው በአብዛኛው ቡቲሪክ ይሆናል። አሴቲኩ ለጡንቻ ማገዶና ለወተት ቅባት ይውላል። ፕሮፒዮኒኩን ጉበት ወደ ግሉኮስ ይለውጠዋል።

ችግሩ የሚነሳው ባክቴሪያዎቹ ለመራባት ሲፈልጉ ነው። ሰውነታቸውን የሚገነቡት በአሞኒያ ነው፤ አሞኒያው ደግሞ በዋናነት የሚመጣው ከመኖው ፕሮቲን ነው። ከመኖው ደረቅ ክብደት 7 በመቶ ያህሉ ድፍድፍ ፕሮቲን ካልሆነ ቁጥራቸው ይመነምናል። የደረቀ የማሽላ አገዳ ግን 4 በመቶ አካባቢ ነው ያለው። ስለዚህ አገዳው ሳይሰበር ጨጓራው ውስጥ ይቆያል፤ የቆየው ቦታ ስለሚይዝ ላሟ ሌላ መብላት አትችልም፤ አሲዱም ይቀንሳል። ሆዱ ተወጥሮ ሰውነቱ የሚከሳው በዚህ ምክንያት ነው።

አንድ ስሌት እንሥራ። 250 ኪሎ የምትመዝን ላም በቀን ከክብደቷ 2 በመቶ ብትበላ 5 ኪሎ ደረቅ አገዳ ማለት ነው፤ በውስጡ 200 ግራም ፕሮቲን አለ። 7 በመቶ እንዲሆን 350 ያስፈልግ ነበር፣ ስለዚህ 150 ግራም ጎደለ። በመጭመቂያ የወጣ የሰሊጥ ፋጉሎ 30 በመቶ ፕሮቲን አለው ብለን እንያዝ። ብዙ ተማሪ ወዲያው «ግማሽ ኪሎ ይበቃል» ይላል። ፋጉሎው ራሱ መኖ መሆኑን ግን ይረሳዋል፤ 350 ግራሙ አሁን የሚካፈለው ለ5.5 ኪሎ ስለሆነ የሚገኘው 6.4 በመቶ ነው። ትክክለኛው 650 ግራም ገደማ ነው። አገዳው ቶሎ ሲፈጭ ደግሞ ላሟ የበለጠ ትበላለች፤ ስለዚህ ከሁለት ሳምንት በኋላ ስሌቱ እንደገና መሠራት አለበት።

ናይትሮጅኑ ብቻ ከሆነ የጎደለው፣ 52 ግራም ዩሪያ በወረቀት ላይ ክፍተቱን ይሞላዋል። ጨጓራው ውስጥ ግን ዩሪያ በአጭር ጊዜ አሞኒያ ሲሆን አገዳው ቀስ ብሎ ነው የሚፈርሰው። ባክቴሪያዎቹ ያልተጠቀሙበት አሞኒያ ወደ ደም ይገባል፤ መጠኑ ከበዛ ይመርዛል። በዚያ ላይ አሰር ሰባሪዎቹ ባክቴሪያዎች ከአሞኒያ ሌላ ከፕሮቲን መፍረስ የሚገኙ ቅርንጫፋማ አሲዶችን ይፈልጋሉ፤ ዩሪያ እነሱን አይሰጥም፣ ፋጉሎ ይሰጣል።

አንዳንዱ ከብት አርቢ በዚህ ፈንታ የማሽላ እህል ይሰጣል። ጥቂቱ አይጎዳም። ያልለመደች ላም አውድማ ገብታ እንዳሻት ከበላች ግን ስታርቹ በጥድፊያ ይቦካል፣ ላክቲክ አሲድ ይከማቻል፣ ጤናማ ሲሆን ከ6 በላይ የሚሆነው የጨጓራ ፒኤች ከ5 በታች ሊወርድ ይችላል። መጀመሪያ የሚሞቱት አሰር ሰባሪዎቹ ናቸው። ማመስኳት ታቆማለች፣ ቀጭን ጎምዛዛ ሽታ ያለው ተቅማጥ ይይዛታል፤ ቶሎ ካልታከመች ልትሞት ትችላለች።

የፕሮቲን እጥረቱን ግን እበቱ ይናገራል፦ ደረቅ፣ ተደራርቦ የቆመ፣ ያልተፈጨ ረጅም አሰር የሚታይበት። ፋጉሎ ከተጀመረ በኋላ እበቱ ሲለሰልስና አሰሩ ሲያጥር ባክቴሪያዎቹ ሥራ ጀምረዋል ማለት ነው። ለዚህ የሚሆነው ፋጉሎ ግን ሰሊጥ በሚበቅልበት አገር እንደልብ አይገኝም፤ አብዛኛው የኢትዮጵያ ሰሊጥ ሳይጨመቅ በፍሬው ወደ ውጭ ይላካልና።