ሦስት መምህራን፣ አንድ የሒሳብ ክፍለ ጊዜ፦ የጋራ የትምህርት ጥናት ዕቅድ አዘገጃጀት

በጃፓን «ጁግዮ ኬንክዩ» ተብሎ የሚታወቀው የጋራ የትምህርት ጥናት፣ መምህራን አንድን ክፍለ ጊዜ በጋራ አቅደው፣ አንዳቸው ሲያስተምሩ ሌሎቹ የተማሪዎችን አሠራር ተከታትለው፣ ባዩት መሠረት ዕቅዱን አሻሽለው በሌላ ክፍል የሚያስተምሩበት አሠራር ነው። ጄምስ ስቲግለርና ጄምስ ሂበርት እ.ኤ.አ. በ1999 ያሳተሙት መጽሐፍ ከጃፓን ውጭ በስፋት እንዲታወቅ አድርጎታል። ሦስት የሒሳብ መምህራን የሚያቀርቡት የጥናት ዕቅድ ምን መያዝ እንዳለበት ከዚህ በታች በአንድ ማሳያ ተብራርቷል።

ዕቅዱ የሚጀምረው ከተማሪዎች ችግር ነው። «ክፍልፋዮችን መደመር» የሚል ርዕስ ብቻውን ለጥናት አይበቃም። «ተማሪዎች 1/2 + 1/3 ሲባሉ ላዕሉን ከላዕል፣ ታህቱን ከታህት ደምረው 2/5 ይላሉ፤ ለምን?» የሚለው ግን ይጠናል። ቁጥሮቹም በዘፈቀደ የተመረጡ አይደሉም። የ5 ግማሽ 2 ተኩል በመሆኑ 2/5 ከግማሽ ያንሳል። ግማሽ ላይ ሌላ ነገር ተጨምሮበት ከግማሽ ያነሰ ውጤት ሊገኝ እንደማይችል ተማሪው ራሱ ሊያስተውል ይችላል።

ቀጥሎ መምህራኑ ተማሪዎች ሊሰጡ የሚችሏቸውን መልሶች አስቀድመው ይጽፋሉ። በማሳያው ለእያንዳንዱ ጥንድ ተማሪ ርዝመቱ 12 ሴንቲ ሜትር የሆነ የወረቀት ቁራጭ ይሰጣል። ግማሹ 6፣ ሲሶው 4፣ ድምሩ 10 ሴንቲ ሜትር ነው። ስለዚህ 2/5፣ 10/12፣ 5/6፣ እንዲሁም «10» የሚል ባዶ ቁጥር ይጠበቃሉ። የመጨረሻው በቀላሉ መታለፍ የለበትም፤ ተማሪው ርዝመቱን በትክክል ለክቶ ከሙሉው ጋር ሳያነጻጽር መቅረቱን ያሳያል። ለእያንዳንዱ መልስ መምህሩ የሚያቀርበው ተከታይ ጥያቄ ከጎኑ ይጻፋል።

በትምህርቱ ዕለት አንዱ ያስተምራል፤ ሁለቱ ይመለከታሉ። ሁለት ሰዎች የመላውን ክፍል ሥራ መከታተል ስለማይችሉ እያንዳንዱ ተመልካች ሁለት ወይም ሦስት ጥንዶችን መርጦ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይከታተላል። ተማሪው የጻፈውንና የተናገረውን ከነሰዓቱ ይመዘግባል፤ መልስ አይጠቁምም፣ አያርምም። ተመልካቹ መርዳት ከጀመረ መዝገቡ ስለ ተማሪው ሳይሆን ስለ ተመልካቹ ይሆናል።

የመጀመሪያው ትምህርት እንዲህ ሄደ እንበል። ብዙዎቹ 2/5 ጻፉ፤ መምህሩ ወዲያው «እርግጠኛ ናችሁ?» ብለው ጠየቁ። ሁለቱም ተመልካቾች የመዘገቡት አንድ ነገር ነው፦ ተማሪዎቹ ምክንያቱን ሳያስቡ መልሳቸውን በላጲስ አጠፉ፣ ከዚያም የጎረቤታቸውን ገለበጡ። በክፍለ ጊዜው መጨረሻ ትክክለኛው መልስ በደብተራቸው ላይ ይገኛል። ደብተሩን ብቻ የሚያይ ሰው ትምህርቱ ተሳክቷል ይላል።

ውይይቱ በዚያው ዕለት ቢካሄድ ይመረጣል። በቅድሚያ ያስተማሩት መምህር ይናገራሉ፤ ከዚያ ተመልካቾቹ ያዩትን ብቻ ያቀርባሉ፤ ትርጓሜ የሚመጣው በመጨረሻ ነው። ዕቅዱ የሦስቱም ስለሆነ የሚተቸው ዕቅዱ እንጂ ያስተማሩት ሰው አይደሉም። ውይይቱ ስለ ድምፅ አወጣጥና ስለ ጽሕፈት ጥራት ወደ ማውራት ከዞረ ጥናቱ ወደ ተለመደው የሥራ አፈጻጸም ግምገማ ተንሸራትቷል ማለት ነው።

ከዚህ ምዝገባ ሦስት ለውጦች ይወጣሉ። ተማሪዎች ከማስላታቸው በፊት «መልሱ ከግማሽ ይበልጣል ወይስ ያንሳል?» ተብለው ግምታቸውን ይጽፋሉ። ሁሉም በእስክርቢቶ ይሠራሉ፤ የተሳሳተው በአንድ መስመር ይሰረዛል እንጂ አይጠፋም። 2/5 በጥቁር ሰሌዳው ላይ ከ5/6 ጎን እስከ መጨረሻው ይቆያል፤ መምህሩም ስህተት ነው ሳይሉ በወረቀቱ እንዲፈተሽ ይጠይቃሉ። ሁለተኛው መምህር ይህን በሌላ ክፍል ያስተምራሉ፤ ሦስተኛው መምህርና የመጀመሪያው አስተማሪ ይመለከታሉ።

ሁለተኛው ክፍል የተሻለ ውጤት ቢያሳይ እንኳ ተማሪዎቹ የተለያዩ በመሆናቸው ለውጡ ከዕቅዱ ብቻ መጣ ብሎ መደምደም አይቻልም። ዕቅዱ ይህን ወሰን በግልጽ ማስፈር አለበት። ጥናቱ የሚያስገኘው አስተማማኝ ነገር ተማሪዎቹ የት ላይ እንደተሰናከሉና ከዚያ እንዴት እንደወጡ የሚያሳይ መዝገብ ነው።

ብዙ ዕቅዶች የሚሰናከሉት ግን በሒሳቡ ሳይሆን በክፍለ ጊዜ ድልድሉ ነው። ሦስቱ በአንድ ክፍል ሲገኙ የሁለቱ ተመልካቾች ክፍሎች ያለ መምህር ሊቀሩ ይችላሉ። ስለዚህ ለርዕሰ መምህሩ የሚቀርበው ዕቅድ ሁለቱ ትምህርቶች የሚሰጡባቸውን ቀንና ክፍለ ጊዜ፣ ተመልካቾቹ በዚያ ሰዓት ክፍል ያላቸው መሆን አለመሆኑን፣ ካላቸውም ማን እንደሚተካቸው በስም መግለጽ ይኖርበታል። በሁለቱ ትምህርቶች መካከል ለማሻሻያው ቢያንስ ሁለት ቀን ይያዛል፤ ሁለተኛው ክፍልም እስከዚያ ድረስ ይህን ርዕስ እንዳይጀምር አስቀድሞ መስማማት ያስፈልጋል።