ፑሽ አፕ፦ ከግድግዳ እስከ ወለል

ጂም ውስጥ የሚሠራ ሰው ሲጠነክር ብረት ይጨምራል። ጠባብ ክፍል ውስጥ ባዶ እጁን የሚሠራ ሰው ደግሞ ጭነቱን የሚጨምረውም የሚቀንሰውም የሰውነቱን ዝንባሌ በመለወጥ ነው። ወለል ላይ ፑሽ አፕ ሲሠራ እጆች የሚሸከሙት የሰውነትን ክብደት ሁለት ሦስተኛ ያህል ነው፤ 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ወደ 40 ኪሎ ይጠጋል። በጉልበት ተንበርክኮ ሲሠራ ጭነቱ ወደ ግማሽ ይወርዳል። ግድግዳ ተደግፎ ሲሠራ ግን አብዛኛውን ክብደት እግር ስለሚይዘው ለእጅ የሚቀረው ጥቂት ነው።

ስለዚህ ወለል ላይ አንድም ፑሽ አፕ መሥራት ያልቻለ ሰው ከግድግዳው ይጀምር። መዳፎቹን ከትከሻው ስፋት ጥቂት አስፍቶ በደረቱ ትይዩ ያሳርፍ፤ ሆዱንና መቀመጫውን አጥብቆ ከተረከዝ እስከ ራስ ቀጥ ይበል። በሦስት ሰከንድ ቀስ ብሎ ደረቱን ወደ ግድግዳው ያስጠጋ፤ ከዚያ ገፍቶ ይመለስ። 12 ጊዜ ሠርቶ ሁለት ደቂቃ ይረፍ፤ እንዲህ ሦስት ዙር ይጨርስ። በሳምንት ሦስት ቀን፣ አንድ ቀን እያሳለፈ መሥራቱ ይበቃል። ሦስቱንም ዙር ቅርጹ ሳይበላሽ መጨረስ ሲችል ወደማይንሸራተት ጠረጴዛ፣ ቀጥሎ ወደ አልጋ ጠርዝ፣ በመጨረሻም ወደ ወለል ይውረድ። በየደረጃው ቁጥሩ መጀመሪያ ወደ አምስትና ስድስት ቢወርድ አያስደንግጥ፤ እጁ ላይ ያረፈው ክብደት ስለጨመረ ነው።

ቅርጹ መበላሸቱን የሚናገሩ ምልክቶች አሉ። ወገብን ካመመ ዳሌው ወደ ታች ተንጠልጥሏል ማለት ነው። ትከሻን ከቆነጠጠ ክርኖቹ እንደ ክንፍ ወደ ጎን ተከፍተው ሊሆን ስለሚችል ወደ ጎድን ሰብሰብ ያድርጋቸው። ሕመሙ ከቀጠለ ግን ማቆም ያስፈልጋል። አፍንጫ ከደረት ቀድሞ ወለል የሚነካ ከሆነም ያጎነበሰው አንገት ነው እንጂ የወረደው ሰውነት አይደለም።

ወለል ላይ ከ20 በላይ መሥራት ሲቻል ቁጥር መደርደሩ ከጉልበት ይልቅ ጽናትን ይጨምራል። ያኔ እግርን አልጋ ላይ ሰቅሎ መሥራት ጭነቱን እንደገና ያከብደዋል።

ፑሽ አፕ ደረትን፣ የትከሻን ፊትና የክንድን ጀርባ ያጠነክራል፤ የላይኛውን ጀርባ ግን ብዙም አይነካም። ለዚያ በጀርባ ተኝቶ ጉልበትን ማጠፍ፣ ክርኖችን ከጎድን አጠገብ ወለል ላይ መትከልና በክርን ወለሉን እየገፉ የላይኛውን ጀርባ ማንሳት ነው። ሁለት ሰከንድ ከፍ ብሎ ቆይቶ ቀስ ብሎ መመለስ ይገባል። ሥራው በሁለቱ ትከሻ አጥንቶች መካከል ካልተሰማ አንገት እየሳበ ነው። ይህ እንቅስቃሴ አግዳሚ ላይ ተንጠልጥሎ ሰውነትን የመሳብን ያህል ባይከብድም፣ ከእያንዳንዱ የፑሽ አፕ ዙር በኋላ አንድ ዙር ቢሠራ ጀርባ ከደረት ጋር አብሮ ይሠራል።