«ባላንስ» ለሚል ደንበኛ ባንክ ምን ሊመልስ ይገባል?

አንዲት ነጋዴ ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ሱቋን ዘግታ ቴሌግራም ከፈተችና ለባንኳ አንድ ቃል ብቻ ጻፈች እንበል፤ «ባላንስ»። ዕቃ የወሰደባት ሰው ገንዘቡን አስገብቻለሁ ብሏታል፤ ስልኳ ላይ ግን ከባንክ የደረሳት መልእክት የለም። ሰላምታም አልጻፈችም፤ ስሟንም አልጠቀሰችም። ወዲያው ይህ መልስ መጣላት፦

«ውድ ደንበኛችን፣ ቀሪ ሂሳብዎን ለማወቅ የሂሳብ ቁጥርዎን፣ የስልክ ቁጥርዎንና የሚስጥር ቁጥርዎን ይላኩልን።»

ይህን የጻፈው ራሱ እውነተኛው ባንክ ቢሆን እንኳ መልሱ ስህተት ነው፤ ሊታረምም ይገባዋል። እንዲህ ያለ መልስ ከክፋት ሳይሆን ከየዋህነት ሊመጣ እንደሚችል ግን መረዳት ያስፈልጋል። «ባላንስ» የሚለው ቃል ጠያቂው ማን እንደሆነ አይናገርም። የትኛውን ሂሳብ እንደሚጠይቅም አይናገርም፤ የስልኩን የአየር ሰዓት ፈልጎ ባንክ ዘንድ የሚጽፍ ሰው አይጠፋም። ባንኩ የሂሳብ ቁጥር ብቻ ተቀብሎ እንዳይመልስ ደግሞ የሂሳብ ቁጥር ሚስጥር አይደለም። የነጋዴዋ ቁጥር ሱቋ ግድግዳ ላይ ተለጥፏል፤ ከፋይ ሁሉ ያውቀዋል። በዚያ ብቻ የሚመልስ ባንክ ለባለ ዕዳዋም ለተፎካካሪዋም ገንዘቧን ቆጥሮ ይነግራል ማለት ነው። ስለዚህ መልሱን የሚያዘጋጀው ሰው «እንግዲያው እሷ ብቻ የምታውቀውን ነገር እንጠይቃት» ይላል። ስህተቱ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

ሚስጥር ቁጥር ሰው እንዲያነበው የተሠራ ነገር አይደለም። ኤቲኤም ላይ አራቱን አሃዞች ስንነካ ቁጥሩ እዚያው ቁልፍ ሰሌዳው ውስጥ ይመሰጠራል፤ ወደ ባንኩ የሚጓዘውም እንደተመሰጠረ ነው። ባንኩ ዘንድ ለዚህ ሥራ የተለየ መሣሪያ አለ፤ ትክክል ነው ወይም አይደለም ብሎ ብቻ ይመልሳል። ቁጥሩን የሚያየው ገንዘብ ከፋይም፣ ሥራ አስኪያጅም፣ የኮምፒውተር ባለሙያም የለም። የጥበቃው ሁሉ መሠረት ይህ ነው።

ያው ቁጥር በቻት ሲላክ ግን ተራ ጽሑፍ ሆኖ ይሄዳል። የቴሌግራም ተራ ቻት በኩባንያው ኮምፒውተሮች ላይ ይቀመጣል፤ በሁለቱ ተነጋጋሪዎች ስልክ ብቻ የሚነበበው «ሚስጥራዊ ቻት» የሚባለው ደግሞ ከቦት ጋር አይሠራም። ስለዚህ ነጋዴዋ የላከችው ቁጥር በራሷ ስልክ ላይ፣ በቴሌግራም ዘንድና ቦቱን በሚያንቀሳቅሰው ኮምፒውተር ላይ ይቀራል፤ መልስ ሰጪ ሠራተኛ ካለም ስክሪኑ ላይ ይታያል። ከስልኳ ብታጠፋው እንኳ ቦቱ አንብቦታል። ነገ ስልኳን ለጥገና የምትሰጠው ሰው፣ ወይም ልጅ ጌም ሊጫወትበት ሲቀበላት፣ መልእክቱን ወደ ላይ ገፋ አድርጎ ማየት ይችላል።

ከዚህ የሚከፋው ግን ደንበኛው የሚለምደው ነገር ነው። የባንክ ዓርማና ስም ለጥፎ ሐሰተኛ ገጽ መክፈት ቀላል ነው። ነጋዴዋ የጻፈችው እንዲህ ላለ ገጽ ቢሆንስ? አጭበርባሪው ስልክ ቁጥሯንና ሚስጥር ቁጥሯን ከተቀበለ በኋላ የባንኩን መተግበሪያ በራሱ ስልክ ላይ ጭኖ በእሷ ቁጥር ለመግባት ይሞክራል። ባንኩ አዲስ ስልክ ሲያይ ማረጋገጫ ኮድ በአጭር መልእክት ለእሷ ይልካል። አጭበርባሪውም ቻቱ ላይ ይመለስና «ቀሪ ሂሳብዎን ለማሳየት አሁን የደረሰዎትን ቁጥር ይላኩልን» ይላታል። እሷ ለባላንስ መስሏት ትልካለች፤ በእርግጥ ግን ሂሳቧ በሌላ ሰው ስልክ ላይ እንዲከፈት ፈቀደች። ገንዘቡ ከወጣ በኋላ «ባንኩ ጠየቀኝ፣ ሰጠሁ» ብትል ማን ይፈርድባታል? እውነተኛው ባንክ ትናንት እንዲሁ ጠይቋት ከነበረ ሐሰተኛውን የምትለይበት ምልክት አልነበራትም። በቻት ሚስጥር ፈጽሞ የማይጠይቅ ባንክ ግን ለደንበኛው ግልጽ መለያ ይሰጠዋል፤ የጠየቀ ሁሉ ሌባ ነው።

ታዲያ ምን ይመለስላት? እኔ ብጽፈው እንዲህ ይሆናል፦

«ሰላም። ቀሪ ሂሳብ በዚህ ቻት አንገልጽም። በባንኩ መተግበሪያ ገብተው፣ በባንኩ አጭር ቁጥር ደውለው ወይም በኤቲኤም ማየት ይችላሉ። እባክዎ የሚስጥር ቁጥርም ሆነ የማረጋገጫ ኮድ እዚህ አይጻፉ፤ እኛም አንጠይቅም። ገንዘብ ተልኮልዎት ካልደረሰ 1 ብለው ይላኩ።»

የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን የሴትየዋ እውነተኛ ጥያቄ እሱ ነው። ሰው ባላንስ የሚለው ብዙ ጊዜ ደመወዝ ገባ ወይስ አልገባም፣ የላኩት ደረሰ ወይስ አልደረሰም ለማለት ነው። ያን መጠየቅ ሚስጥር አያስወጣም።

«አጭር ቁጥሩም እኮ ሚስጥር ቁጥር ይጠይቃል» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ደንበኛ *889# ሲደውል ቁጥሩን ያስገባል። በዚህ መንገድ የሚሄደውም ቢሆን እንደ ኤቲኤሙ የተጠበቀ አይደለም። ልዩነቱ ግን ትልቅ ነው። ደዋዩ እሷ ናት፤ የሚያውቀውን ቁጥር የመታ ሰው ዓርማ በለጠፈ ሐሰተኛ ገጽ አይታለልም። አገልግሎቱ ከተመዘገበው ሲም ካርድ ጋር የተያያዘ ነው። ያስገባችውም ቁጥር ከሰው ጋር እንደተደረገ ጭውውት ተቀምጦ አይቆይም። ዱባይ ወይም ዋሽንግተን ሆኖ አገር ቤት ሂሳብ ላለው ሰው ግን ይህ መንገድ በውጭ ሲም አይሠራም፤ ቻቱን የሚመካበትም ለዚህ ነው። ስለዚህ መልሱ አጭር ቁጥሩን ብቻ ሰጥቶ መተው የለበትም፤ መተግበሪያውን ማስቀደም አለበት።

አንድ ተጨማሪ ነገር መታሰብ አለበት። ማንም ሳይጠይቀው «ባላንስ» ብሎ ከሥሩ ፒኑን ጽፎ የሚልክ ደንበኛ አለ፤ በተለይ ጽሕፈት የሚጽፍለት ሌላ ሰው ከሆነ። ያን ጊዜ ቦቱ ቁጥሩን ደግሞ ማሳየት የለበትም፤ «ሚስጥር ቁጥርዎን ልከዋል፤ መልእክቱን ያጥፉና አሁኑኑ ቁጥሩን ይቀይሩ» ብሎ የሚቀየርበትን መንገድ መንገር አለበት። ባንኩም በበኩሉ ከመዝገቡ ላይ እንዲሰረዝ ማድረግ ይጠበቅበታል።

የባንክ ሠራተኞች ይህን መፈተሽ አይከብዳቸውም። «balance»፣ «ባላንስ»፣ «ቀሪ ሂሳብ»፣ «ስንት ብር አለኝ» ብለው ለራሳቸው ቦት ይጻፉ፤ አንዱ በትክክል ተመልሶ ሌላው የድሮውን ቅጽ ሊያመጣ ይችላል። ቻቱ የሚገኘው ደንበኛው አስቀድሞ ሚስጥር ቁጥሩን አስገብቶ በገባበት መተግበሪያ ውስጥ ከሆነ ደግሞ ማንነቱ ታውቋልና ቀሪ ሂሳቡን ማሳየት ይቻላል፤ እንደገና የሚጠየቅ ነገር የለም። ነጋዴዋ ገንዘቡ አልገባም ብላ በካርዷ ጀርባ ባለው ስልክ ብትደውል ሠራተኛው ሙሉ ስሟን፣ ገንዘቡ የተላከበትን ቀንና መጠን ሊጠይቃት ይችላል። ሥራውን ለመጨረስ ይህ ይበቃዋል፤ ፒን ከጠየቃት ስልኩን ዘግታ በአካል ቅርንጫፍ ትሂድ።