ያልተንቀሳቀሰ እግርና የሳንባ አደጋ፦ የጥልቅ ደም መልስ ርጋት

ለማስተማሪያ የተዘጋጀ አንድ ምሳሌ ይወሰድ። በአርቦዬ አካባቢ የሚኖሩ የ48 ዓመት ገበሬ ከፈረስ ወድቀው የግራ እግራቸው ቅልጥም ይሰበራል። ወጌሻ ያስርላቸውና በቤታቸው ይተኛሉ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት በስብራቱ ዙሪያ የነበረው እብጠት እየቀነሰ ይሄዳል። በ9ኛው ቀን ግን ባታቸው እንደገና ያብጣል፤ እብጠቱም ከጉልበት አልፎ ወደ ታፋ ይወጣል። ቤተሰቡ «ስብራቱ ነው» በማለት እግሩን በቅቤ ያሸዋል። በ12ኛው ቀን ሕመምተኛው በተጨናነቀ መኪና ውስጥ እግራቸውን አጥፈው ወደ አሰላ ይጓዛሉ። በማግስቱ ከመኝታቸው ሲነሱ ድንገት ትንፋሽ ያጥራቸዋል፤ አየር ሲስቡም የቀኝ ጎናቸውን ይወጋቸዋል። የልብ ትርታቸው በደቂቃ 118፣ ትንፋሻቸው 28፣ የሰውነት ሙቀታቸው 37.6 ነው።

እንዲህ ያለውን ሕመምተኛ የተቀበለ ባለሙያ የሳንባ ምች ነው ብሎ ቢያስብ አያስገርምም። ውጋት፣ ሳልና ቀላል ትኩሳት ወደዚያ ይመራሉና። ይሁን እንጂ የደረቱ ሕመምና የእግሩ እብጠት ሁለት በሽታዎች ሳይሆኑ የአንድ በሽታ ሁለት ምዕራፎች ናቸው። ይህንን ለመረዳት ደም በእግር ውስጥ እንዴት እንደሚመለስና ለምን እንደሚረጋ ማየት ያስፈልጋል።

የባት ጡንቻ እንደ ሁለተኛ ልብ

ልብ የሚገፋው ደም በደም ቅዳዎች በኩል እስከ እግር ጣት ይደርሳል፤ ወደ ላይ ሲመለስ ግን ከልብ የሚያገኘው ግፊት አነስተኛ ነው። የመመለሱን ሥራ በአመዛኙ የሚያከናውነው የባት ጡንቻ ነው። ጡንቻው በተኮማተረ ቁጥር በመካከሉ የሚገኙትን ጥልቅ ደም መልሶች ይጨምቃል፤ በውስጣቸው ያሉት ቫልቮችም ደሙ ወደ ታች እንዳይመለስ ይዘጋሉ። ሰው ሳይንቀሳቀስ ሲቆም በቁርጭምጭሚት አካባቢ ያለው የደም መልስ ግፊት ወደ 90 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ይደርሳል። መራመድ ሲጀምር ግን ከ30 በታች ይወርዳል።

እግሩ በጀሶ፣ በወጌሻ እስራት፣ በሽባነት ወይም በመቀመጫ ጥበት ሥራ ሲያቆም ይህ ፓምፕ ይቆማል። ደሙ በተለይ ከቫልቮቹ ጀርባ ባሉት ጠባብ ኪሶች ውስጥ ይተኛል። በዚያ የተኛ ደም ኦክስጅኑን ቶሎ ይጨርሳል፤ ኦክስጅን ያጣው የደም መልሱ የውስጥ ግድግዳም ደም እንዳይረጋ የመከላከል ባሕርይውን ያጣል። በዚህን ጊዜ ፋይብሪን የተባለው ክር መሳይ ፕሮቲን ቀይ የደም ሕዋሳትን እያጠመደ ርጋቱን ያሳድጋል።

ጀርመናዊው ሐኪም ሩዶልፍ ፊርኾ እ.ኤ.አ. በ1856 ባሳተመው ሥራው ከእግር የተነሣ ርጋት ወደ ሳንባ እንደሚሄድ አስረድቷል። በስሙ የሚጠራው የሦስትዮሽ ሕግም የደም ዝውውር መዝገምን፣ የሥሩን ግድግዳ መጎዳትና የደሙን የመርጋት ዝንባሌ መጨመር በአንድነት ያያይዛል። በምሳሌው ላይ የተጠቀሱት ገበሬ ሦስቱንም ያሟላሉ፦ መተኛታቸው ዝውውሩን አዝግሟል፤ ስብራቱ ሥሮችን ጎድቷል፤ ሰውነት ለጉዳት የሚሰጠው ምላሽም ደሙን ለመርጋት አዘጋጅቷል። በእርግዝናና በወሊድ ማግስት፣ በካንሰርና ከከባድ ቀዶ ሕክምና በኋላ አደጋው የሚጨምረውም በእነዚሁ መንገዶች ነው።

ጉዞ ለምን ይከፋል?

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት፣ እ.ኤ.አ. በ1940፣ የለንደን ነዋሪዎች ከአውሮፕላን ድብደባ ለመሸሸግ በምድር ቤቶች ውስጥ በተጣጣፊ ወንበሮች ላይ ተቀምጠው ያድሩ ነበር። የአስከሬን ምርመራ ባለሙያው ኪት ሲምፕሰን በእነዚህ ሰዎች መካከል ወደ ሳንባ በሄደ ርጋት የሚሞቱት መብዛታቸውን አስተዋለ። የወንበሩ የፊት ጠርዝ ከጉልበት በስተኋላ ያለውን ደም መልስ ይጫን ነበር። መፍትሔ ሆኖ የቀረበውም በወንበሮቹ ፋንታ መኝታ ማዘጋጀት ነበር።

የመኪናና የአውሮፕላን መቀመጫም በተመሳሳይ መንገድ ይሠራል። ጉልበት ታጥፎ ደም መልሱ ይጠብባል፤ ባት አይንቀሳቀስም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2007 ይፋ ያደረገው የጥናት ውጤት ከ4 ሰዓት በላይ ተቀምጦ መጓዝ አደጋውን በግምት ሁለት እጥፍ እንደሚያሳድግ አመልክቷል፤ ይህም ለአውሮፕላን ብቻ ሳይሆን ለአውቶቡስ፣ ለባቡርና ለመኪናም ይሠራል። ለጤናማ ሰው ከ4 ሰዓት በላይ በሆነ በረራ በኋላ ያለው አደጋ ከ6,000 ሰዎች ወደ አንድ ብቻ የሚደርስ በመሆኑ ጉዞ በራሱ ሊያስፈራ አይገባም። አስጊ የሚሆነው ሌላ ምክንያት አስቀድሞ ባለበት ሰው ላይ ሲደረብ ነው። አሥራ ሁለት ቀን የተኛ፣ እግሩ የተሰበረ ሰው የሚያደርገው የጥቂት ሰዓት ጉዞ ከጤነኛ ሰው ረጅም በረራ የበለጠ ያሰጋል።

ርጋቱ ሳንባ የሚደርስበት መንገድ

አብዛኛው ርጋት በባት ይጀምራል። በዚያ ብቻ የቀረ እንደሆነ ብዙ ጊዜ ራሱ ይሟሟል። ወደ ጉልበት ጀርባና ወደ ታፋ ሲያድግ ግን ጫፉ ከግድግዳው ጋር ሳይጣበቅ በደሙ ውስጥ የሚንሳፈፍ ጅራት ይሆናል። ከቆይታ በኋላ መነሣት፣ ለመጸዳዳት ማማጥ ወይም እግርን ማሸት ይህን ጅራት ሊቆርጠው ይችላል። የተቆረጠው ክፍል ከብሽሽት ወደ ሆድ ውስጥ ትልቁ ደም መልስ፣ ከዚያም ወደ ቀኙ የልብ ክፍል ይገባል። እስከዚህ ድረስ መንገዱ እየሰፋ ስለሚሄድ የሚያግደው ነገር የለም። ከቀኝ ልብ ወጥቶ ወደ ሳንባ ደም ቅዳ ሲገባ ግን ቧንቧው እየቀጠነ ስለሚሄድ በዚያ ይቀረቀራል።

ትንሽ ርጋት ወደ ሳንባው ጠርዝ ደርሶ የሳንባውን ሽፋን ይቆጣል፤ ውጋቱና አልፎ አልፎ የሚታየው ደም የቀላቀለ አክታ ከዚህ ይመጣሉ። ትልቅ ርጋት ዋናውን ቅርንጫፍ ሲዘጋ ግን ቀኝ ልብ ከአቅሙ በላይ ይገፋል፣ ይለጠጣል፤ ወደ ግራ ልብ የሚደርሰው ደም ያንሳል፤ የደም ግፊት ይወድቃል። በዚህ በሽታ ለሞት የሚዳርገው በአመዛኙ የኦክስጅን እጦት ሳይሆን የቀኝ ልብ መድከም ነው። የደም ግፊቱ ለወደቀ ሕመምተኛ ግሉኮስ ወይም ሳላይን በብዛት መስጠት የተለጠጠውን ልብ ይበልጥ የሚያዳክመውም በዚህ ምክንያት ነው።

እንዴት ይለያል?

የስብራት እብጠት በስብራቱ ዙሪያ ይጀምርና በቀናት ውስጥ ይቀንሳል። ከቀነሰ በኋላ እንደገና የጨመረና ወደ ላይ የወጣ እብጠት ርጋትን ሊያስጠረጥር ይገባል። በደጋማው ቀይ አፈር አካባቢ የሚታየው የፖዶኮኒዮሲስ እብጠት ከዓመታት ጀምሮ የቆየ፣ አብዛኛውን ጊዜ በሁለቱም እግር የሚታይና ከእግር መዳፍ የሚነሣ ነው፤ የርጋት እብጠት ግን በቀናት ውስጥ በአንድ እግር ይመጣል።

የባት ውፍረት ከጉልበት በታች ካለው የአጥንት እብጠት 10 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ በሁለቱም እግሮች በሜትር ይለካል። ልዩነቱ ከ3 ሴንቲ ሜትር ከበለጠ ትርጉም አለው። ዌልስ በተባለው የነጥብ አሰጣጥ መሠረት ሕመምተኛው ለታሰረ እግር፣ ለ3 ቀን ወይም ከዚያ በላይ ለመተኛት፣ በጥልቅ ደም መልሱ መስመር ለሚሰማ ሕመም፣ ለመላው እግር እብጠትና ለባቱ ልዩነት አንድ አንድ ነጥብ፣ በድምሩ 5 ያገኛሉ። ስብራቱ ራሱ እብጠቱን ሊያስረዳ ይችላል ተብሎ 2 ቢቀነስ እንኳ 3 ይቀራል፤ 2 እና ከዚያ በላይ ደግሞ ርጋት የመኖሩ ዕድል ከፍተኛ ነው ማለት ነው።

በዚህ ደረጃ የዲ-ዳይመር ምርመራ አይጠቅምም፤ ስብራት ብቻውን ከፍ ያደርገዋልና። የሚጠቅመው አልትራሳውንድ ነው። በብሽሽትና ከጉልበት በስተኋላ ደም መልሱ በመሣሪያው ጫፍ ሲጫኑት ይጣበቃል፤ ርጋት ካለበት ግን አይጣበቅም። እግሩ ላይ ርጋት ከተገኘና ሕመምተኛው ትንፋሽ ካጠረው ሲቲ ስካን ባይኖርም ሕክምናው አንድ ነው። እግሩ ነጻ ሆኖ መገኘቱ ግን ርጋቱ ተቆርጦ ሄዶ ሊሆን ስለሚችል ሳንባውን ነጻ አያደርገውም።

የጣት ኦክስጅን መለኪያ ሲነበብ የቦታው ከፍታ መታሰብ አለበት። አሰላ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ገደማ ስለሆነች በጤነኛ ሰው ላይ ከ95 በመቶ ትንሽ ዝቅ ያለ ቁጥር የተለመደ ነው። በሌላ በኩል ጥሩ ቁጥር መገኘቱ ብቻውን በሽታው የለም አያሰኝም።

የመጀመሪያዋ መርፌ

ጥርጣሬው ከፍተኛ ሲሆንና የደም መፍሰስ አደጋ ሳይኖር ሕክምናው የምርመራ ውጤት እስኪመጣ አይጠበቅም። ሕመምተኛው 60 ኪሎ ግራም ይመዝናሉ ቢባል፣ ኩላሊታቸው ጤነኛ ከሆነ ኢኖክሳፓሪን በኪሎ 1 ሚሊ ግራም፣ ማለትም 60 ሚሊ ግራም በየ12 ሰዓቱ ከቆዳ ሥር ይሰጣል። ይህ ከሌለ ተራው ሄፓሪን በኪሎ 333 ዩኒት፣ ወደ 20,000 ዩኒት ገደማ፣ ከቆዳ ሥር ተሰጥቶ ከዚያ በኋላ በኪሎ 250 ዩኒት፣ ማለትም 15,000 ዩኒት በየ12 ሰዓቱ ይቀጥላል። ከመስጠት በፊት አብሮ የደረሰ የራስ ጉዳት ወይም የውስጥ ደም መፍሰስ መኖሩ ይጣራል።

ዋርፋሪን በዚያው ቀን ሊጀመር ይችላል፤ ነገር ግን ሄፓሪኑ ቢያንስ ለ5 ቀናትና አይኤንአር ለ24 ሰዓት 2 እና ከዚያ በላይ ሆኖ እስኪቆይ ድረስ አይቋረጥም። ዋርፋሪን በመጀመሪያዎቹ ቀናት ብቻውን ቢሰጥ ርጋትን የሚከላከሉትን ፕሮቲኖች ቀድሞ ስለሚቀንስ ሊጎዳ ይችላል። ለነፍሰ ጡር ዋርፋሪን አይሰጥም፤ ሄፓሪን ይቀጥላል። ሕክምናው ቢያንስ 3 ወር ይወስዳል። እነዚህ መድኃኒቶች ያለውን ርጋት አያሟሙትም፤ እንዳያድግና ሁለተኛ እንዳይላክ አግደው ሰውነቱ ራሱ እንዲያሟሟው ጊዜ ይሰጡታል። እ.ኤ.አ. በ1960 ባሪትና ጆርዳን ባሳተሙት ጥናት ሕክምና ካላገኙት 19 ሕሙማን 5ቱ በሳንባ ርጋት ሲሞቱ፣ ካገኙት 16 መካከል በዚሁ ምክንያት የሞተ አልነበረም።

በምሳሌው ሕመምተኛ ጉዳይ ዕድሉ የነበረው በ9ኛው ቀን በአርቦዬ ነበር። እብጠቱ እንደገና ሲጨምር ባቱ በሜትር ቢለካ፣ ማሸቱ ቢቆምና የመጀመሪያዋ መርፌ ከጉዞው በፊት ብትሰጥ ኖሮ ርጋቱ ወደ ሳንባ የመሄዱ ዕድል እጅግ ይቀንስ ነበር። ሕመምተኛው መጓዛቸው የግድ ሲሆንም እግራቸው ተዘርግቶ፣ የቁርጭምጭሚታቸው እንቅስቃሴ ስብራቱ እስከፈቀደ ድረስ እየተደገመ፣ በላኪው ወረቀት ላይም መርፌው የተሰጠበት ሰዓትና የሁለቱ ባቶች ልክ ተጽፎ መላክ ይኖርባቸዋል።